«ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ማስታወቂያ ለምን ከልብ አይመስልም?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። የሞባይልና የወኪል አገልግሎታችን ከቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እስከ ማክሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ተቋርጦ ነበር። ያዘጋጀሁት ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ ‹ውድ ደንበኞቻችን! ባጋጠመን የቴክኒክ ችግር ምክንያት አገልግሎታችን ለጊዜው ተቋርጦ የነበረ መሆኑ ይታወቃል። ችግሩ በባለሙያዎቻችን የሌት ተቀን ጥረት የተፈታ ሲሆን ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስላሳያችሁን ትዕግሥት እናመሰግናለን።› ሥራ አስኪያጁ ‹ከልብ የመጣ አይመስልም፤ አስተካክለው› ብለው መለሱልኝ። የሕግ ክፍሉ ደግሞ ጥፋታችንን የሚያምን ቃል እንዳይኖርበትና የመብራት መቆራረጥ በምክንያትነት እንዲጻፍ ይፈልጋል። የቴክኒክ ክፍሉን ማስታወሻ አያይዣለሁ። ምን ልጨምርበት?»

ምላሽ፦ በማስታወቂያው ላይ የሚጨመር የስሜት ቃል የለም። «ከልብ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ገብቶበታል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ልብ አላገኙበትም፣ ልክም ናቸው። ምክንያቱ ያለው በግሦቹ ውስጥ ነው። «ያጋጠመን»፣ «ተቋርጦ የነበረ»፣ «የተፈታ»፣ «የተፈጠረው» የሚሉትን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው። ችግሩ ከውጭ መጥቶ አጋጥሟል፣ አገልግሎቱ በራሱ ተቋርጧል፣ መጉላላቱም በራሱ ተፈጥሯል። ተቋሙ ራሱ አድራጊ ሆኖ ብቅ የሚለው ይቅርታ ሲጠይቅና ሲያመሰግን ብቻ ነው። አማርኛ አድራጊውን በግሡ ውስጥ ስለሚይዝ «ተቋረጠ» እና «አቋረጥን» በድምፅ ቢቀራረቡም ለደንበኛው ፍጹም የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ማንም አንባቢ ሰዋስው ሳይማር ልዩነቱን ይሰማዋል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ድርጅት ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ማስታወቂያ ጽፌ በር ላይ አስለጥፌ ነበር። አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ማነው ያቋረጠው?» አሉኝ። «ሲስተም ነው አባባ» ብዬ መለስኩ። ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ደግመው አዩና «እሱን የት ሄጄ ላግኘው?» አሉ። ሰውየው የተቆጡ አልነበሩም፤ የሚያናግሩት ሰው እየፈለጉ ነበር፣ ወረቀቱም ያንን ሰው ደብቆባቸው ነበር። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ሲባል የኖረ ሕዝብ «የቴክኒክ ችግር» የሚለውን ሐረግ የሚያነበው እንደ ምክንያት ሳይሆን እንደ ተዘጋ በር ነው።

የቀሩትም ቃላት ጉዳት አላቸው። 63 ሰዓት «ለጊዜው» አይባልም። «ይታወቃል» የሚለው ቃል ደንበኛው በራሱ ኪሳራ ያወቀውን ነገር ተቋሙ ያሳወቀ ያስመስለዋል። «ስላሳያችሁን ትዕግሥት» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ገንዘቡን ማውጣት ያልቻለ ሰው ታግሦ አልቆየም፣ ምርጫ አልነበረውም። ላልሰጠው ነገር ምስጋና ሲቀርብለት ንዴቱ ይታደሳል። ሦስቱንም ይሰርዟቸው።

አሁን ወደ ቴክኒክ ክፍሉ ማስታወሻ እንሂድ፤ እውነተኛው ይቅርታ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ማስታወሻው እንደሚለው ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ባለሙያዎቹ የደንበኞችን መዝገብ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመሩ። 2 ሰዓት ከ40 ላይ ዝውውሩ ከሸፈ፣ ግማሹ መዝገብም የማይታመን ሆነ። ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ሲመለሱ የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ የሐሙስ ሌሊቱ ሆኖ ተገኘ። የዓርብ ሌሊቱ ቅጂ ማከማቻው ስለሞላ አልተወሰደም ነበር፤ የማስጠንቀቂያ መልእክቱም ሲላክ የኖረው ከተቋሙ ወደለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ነው። ስለዚህ የዓርብንና የቅዳሜን 2,316 የሂሳብ እንቅስቃሴዎች ከወኪሎች ደረሰኝና ከጽሑፍ መልእክት መዝገብ አንድ በአንድ መልሰው አስገቡ። ይህን ሲያነቡ የሚያስተውሉት ነገር አለ፦ ብልሽቱ ራሱ የፈጀው 40 ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ከ62 ሰዓት በላይ የፈጀው ቅጂው አለመኖሩ ነው። ማስታወቂያው «ሰርቨር ተበላሸ» ብሎ ቢያቆም እውነት ሆኖም አሳሳች ይሆናል፤ ምክንያቱም ደንበኛው «ብልሽት ለሁሉም ያጋጥማል» ብሎ ያልፈዋል፣ ተቋሙም ሊታረም የሚገባውን ጉድለት ሸፍኖ ያልፋል።

ተመሳሳይ ነገር የደረሰበትና በግልጽ የጻፈ ድርጅት አለ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው ዋናውን ዳታቤዝ በስሕተት ሰርዞ፣ መጠባበቂያ ቅጂዎቹን ሲፈልግ አለመሥራታቸውን አወቀ፤ ቅጂው እየከሸፈ መሆኑን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ለማንም ሳይደርሱ ቀርተው ነበር። ስድስት ሰዓት ያህል የሚሆን መረጃ ጠፋበት። ኩባንያው ይህን ሁሉ በዝርዝር ሲያወጣ የባለሙያውን ስም አልጠቀሰም፤ ጥፋቱን ያሳየው ቅጂዎቹን የሚፈትሽ ኃላፊ ባለመኖሩ ላይ ነው። እርስዎም ከዚህ የሚወስዱት ሁለት ነገር ነው፦ የደካማውን ቦታ በስሙ መጥራትና የሠራተኛውን ስም መተው። «አንድ ሠራተኛችን በፈጸመው ስሕተት» የሚል ዓረፍተ ነገር ተቋሙን ከወቀሳ አያድነውም፤ ደንበኛው ውል የገባው ከሠራተኛው ጋር አይደለም።

የመብራቱን ጉዳይ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ አይጻፍ። በማስታወሻው መሠረት መብራት የጠፋው እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲሆን ጀነሬተሩ ሥራውን ተሸክሞታል። ስለዚህ መብራት የዚህ መቋረጥ ምክንያት አይደለም። ደሴ የሚኖር ሰው ሁሉ ቅዳሜ ማታ በቤቱ መብራት እንደነበረ ያስታውሳል፤ ማስታወቂያው ያንን ሲናገር ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ይመሰክርበታል። አንድ ሐሰት የተገኘበት ይቅርታ ደግሞ የቀረው እውነቱም አይታመንም።

የሕግ ክፍሉ ሥጋት መሠረት አለው፣ ነገር ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ አርፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1791 ውሉን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኪሣራ እንዲከፍል ይደነግጋል፤ የሚያመልጠው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደከለከለው ካስረዳ ነው። ቁጥር 1792 ደግሞ ከአቅም በላይ ለሚባለው ነገር ጠባብ መለኪያ ያስቀምጣል፤ ባለዕዳው በወትሮው ሊያስበው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው መሆን አለበት። የመብራት መጥፋት በእኛ ከተማ ማንም ሊያስበው የሚችል ነገር ነው፤ ጀነሬተር የተገዛውም ስለታሰበ ነው። ስለዚህ ውሉ ወይም ልዩ ሕግ ሌላ ነገር ካልደነገገ በስተቀር ጥፋቱን ከማስታወቂያው መደበቅ ተቋሙን ከኃላፊነት የማውጣት አቅሙ አነስተኛ ነው። የሕግ ባለሙያው ተገቢ ድርሻ ሌላ ነው፦ የተደረገውንና ያልተደረገውን በግልጽ እንዲጻፍ ፈቅዶ፣ «በከባድ ቸልተኝነት» የመሳሰሉ ፍርድ ቤት የሚሰጣቸውን ስያሜዎች ያስወጣ፤ በማስታወቂያው ያሉት ቁጥሮችና ሰዓቶችም ለተቆጣጣሪው አካል ከሚላከው ሪፖርት ጋር አንድ መሆናቸውን ያረጋግጥ። በሁለት ሰነድ ሁለት የተለያየ ሰዓት መጻፍ ጥፋትን ከማመን ይልቅ ያስጠይቃል።

ከመጻፍዎ በፊት አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፣ እሱም ከቢሮ መውጣት ነው። መቋረጡ ሰኞን ይዟል፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ባቲ ያለውን ወኪላችሁን ሱቅ ሄደው ያነጋግሩ፣ ወይም ቢያንስ ደውለው ረጋ ብለው ያድምጡ። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ነድቶ ከመጣ ሻጭ ጋር የተስማማ ገዢ፣ ገንዘቡ በስልኩ ሆኖ፣ ወኪሉ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ሲባል ምን ያደርጋል? ገዢው ቀብድ አጥቶ ይሄዳል፣ ሻጩ ከብቱን ለሌላ በቅናሽ ይሰጣል፣ ወይም ወኪሉ ከራሱ ኪስ አበድሮ ማክሰኞ ድረስ በጭንቀት ይቆያል። «መጉላላት» የሚለው ቃል ከእነዚህ የትኛውንም አይገልጽም። ወኪሎቹም የተጎዱ መሆናቸውን አይርሱ፤ ለ63 ሰዓት የተቋሙን ስድብ በተቋሙ ፈንታ የተቀበሉት እነሱ ናቸው፣ በማስታወቂያው ውስጥ ግን ስማቸው አልተነሣም።

በዚህ መሠረት ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍ እላለሁ። ሰዓቶቹና ቁጥሮቹ ከማስታወሻው የተወሰዱ ናቸው፤ ካሳውን የሚመለከቱት አንቀጾች ግን አመራሩ ሳይወስንባቸው መውጣት የለባቸውም።

«ለደንበኞቻችንና ለወኪሎቻችን፦

ከቅዳሜ ኅዳር 6 ማታ 2 ሰዓት እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ረፋድ 5 ሰዓት፣ ለ63 ሰዓታት፣ በስልክም ሆነ በወኪል በኩል የራሳችሁን ገንዘብ እንዳታወጡ፣ እንዳትልኩና ቀሪ ሂሳባችሁን እንዳታዩ አድርገናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃችኋለን።

ቅዳሜ ማታ የሂሳብ መዝገባችሁን ወደ አዲስ ሰርቨር ማዛወር ጀመርን፤ ሥራው በመሃል ከሸፈ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ በየሌሊቱ የምንይዘው መጠባበቂያ ቅጂ የዓርብ ሌሊቱ አልተወሰደም ነበር። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ቅጂው መኖሩን ማረጋገጥ ነበረብን፤ አላረጋገጥንም። በዚህ ምክንያት የዓርብንና የቅዳሜን 2,316 የሂሳብ እንቅስቃሴዎች ከደረሰኝና ከመልእክት መዝገብ አንድ በአንድ መልሰን ማስገባት ግድ ሆነብን። ይህን ያህል የዘገየነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥፋታችን ዝም ማለታችን ነው። ችግሩን ቅዳሜ ማታ አውቀን ለእናንተ የተናገርነው ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት፣ አገልግሎቱን ካቋረጥን ከ38 ሰዓት በኋላ ነው። ቀድመን ብንናገር ኖሮ ለሰኞ ገበያ ጥሬ ገንዘብ ከቅርንጫፍ ለማውጣት ወይም ጉዟችሁን ለማስተላለፍ በቻላችሁ ነበር። ወኪሎቻችንም መልስ ሳንሰጣቸው ከደንበኛ ፊት እንዲቆሙ አድርገናል፤ እነሱንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህ ማስታወቂያ እስከወጣበት ሐሙስ ኅዳር 11 ድረስ 2,289 እንቅስቃሴዎች ተረጋግጠው ተመልሰዋል። 27ቱ ገና አልተረጋገጡም። ለባለሂሳቦቹ በሙሉ ደውለናል፤ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ድረስም ለእያንዳንዳቸው ውጤቱን በጽሑፍ እንሰጣለን። ቀሪ ሂሳባችሁ ልክ ካልመሰላችሁ ደረሰኝ ባይኖራችሁም ወደ ቅርንጫፍ ኑ፤ ማጣራቱ የእኛ ሥራ ነው።

ከኅዳር 6 እስከ 9 መክፈል የነበረባችሁ የብድር ክፍያ እስከ ኅዳር 16 ተራዝሟል፤ የታሰበው ቅጣትም ሳታመለክቱ ተሰርዟል። በኅዳር ወር የከፈላችሁት የማውጫና የመላኪያ አገልግሎት ክፍያ በሙሉ ወደ ሂሳባችሁ ይመለሳል። በመቋረጡ ምክንያት ቀብድ የጠፋባችሁ፣ ገበያ ያመለጣችሁ ወይም ሌላ ኪሣራ የደረሰባችሁ እስከ ኅዳር 30 ድረስ በማንኛውም ቅርንጫፍ አመልክቱ፤ ባመለከታችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ታገኛላችሁ።

ከዛሬ ጀምሮ የሌሊቱ ቅጂ መወሰዱን በየጠዋቱ አንድ ኃላፊ አይቶ ይፈርማል፤ በየወሩም ቅጂውን በሌላ ሰርቨር ላይ መልሰን በመክፈት እንፈትነዋለን። ከገበያና ከበዓል ዋዜማ ትልቅ የሲስተም ሥራ አንጀምርም። አገልግሎት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቋረጥም መፍትሔ ባናገኝ እንኳ እናሳውቃችኋለን። እነዚህን መፈጸም አለመፈጸማችንን ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 በዚሁ መንገድ እንነግራችኋለን።

በዚህ ጉዳይ ማንም ሠራተኛችን በስልክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥራችሁን አይጠይቅም። የጠየቃችሁ ሰው ካለ አትስጡት።

ሥራ አስኪያጅ (ሙሉ ስምና ፊርማ)፣ ደሴ»

ከተጻፈው ውስጥ ሦስት ቦታዎችን ላብራራ፤ አመራሩ የሚከራከርባቸው እነዚሁ ይሆናሉና። የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ነው። ጥፋቱ ከይቅርታው ቀድሞ ተጠርቷል፣ ይቅርታውም አንድ ጊዜ ብቻ ለአንድ ጥፋት ተጠይቋል። ሮይ ሌዊኪና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የይቅርታን ስድስት ክፍሎች ለይተው መዝነዋል፤ ከሁሉ በላይ ሚዛን የደፋው ኃላፊነትን ማመን ሲሆን ካሳ ወይም ማስተካከያ ማቅረብ ተከትሎታል፣ ከሁሉ ደካማ የተባለው ደግሞ «ይቅር በሉን» የሚለው ልመና ነው። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አበጋሮች ፊት ለዕርቅ የተቀመጠ ሰው ስላደረገው ነገር ሳይናገር ይቅርታ ቢለምን ነገሩ ወደፊት አይሄድም፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳው የሚነጋገሩት ጥፋቱ ከታመነ በኋላ ነው። የእርስዎ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ግን ልመናውን ይዞ እምነቱንና ካሳውን ሁለቱንም ትቷል።

ሁለተኛው 27ቱ ያልተረጋገጡ እንቅስቃሴዎች ናቸው። የፋይናንስ ክፍሉ ይህ ቁጥር እንዲወጣና «የደንበኞቻችን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው» በሚል እንዲተካ ይፈልግ ይሆናል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ እቃወማለሁ። ማጣራቱ ሳያልቅ ይህን ቃል የሚያወጣ ተቋም ከ27ቱ አንዱ ባለሂሳብ በማግሥቱ የጎደለ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ሐሰተኛ ይሆናል፣ ወሬውም ከማስታወቂያው ይፈጥናል። ያልጨረሰውን ሥራ በቁጥር የሚናገር ተቋም ጨረስኩ ያለው ሥራ እንዲታመንለት ያደርጋል። በተቃራኒው «ዳግም አይከሰትም» የሚል ዓረፍተ ነገር በማስታወቂያው ውስጥ የለም፤ ማንም የሲስተም ባለሙያ ሊፈጽመው የማይችል ቃል ነው። በምትኩ የገቡት ተስፋዎች ሁሉ ቀንና ፈጻሚ ያላቸው፣ ተፈጽመው እንደሆነም በዓይን የሚታዩ ናቸው። በየወሩ ቅጂውን መልሶ መክፈት የሚለውን እንደ ጌጥ አይዩት፤ ቅጂ መወሰዱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ተከፍቶ ካልታየ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በሚያስፈልግበት ቀን ነው።

ሦስተኛው ካሳው ነው። በካናዳ ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ድርጅት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 በመላ አገሪቱ አገልግሎቱ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሁለት ቀን ክፍያ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ሕዝቡ ሲቆጣ በቀናት ውስጥ ወደ አምስት ቀን ከፍ አደረገው። ለአምስቱ ቀን የሚሆነውን ገንዘብ ከፈለ፤ በሁለቱ ቀን የተሰማውን ቅሬታ ግን በዚያ ገንዘብ አልገዛውም። ስለዚህ አመራሩ ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ልክ በመጀመሪያው ቀን ይወስን። ያለ ማመልከቻ የሚገባው ካሳ፣ ማለትም ቅጣቱን መሰረዝና የአገልግሎት ክፍያውን መመለስ፣ ደንበኛው እንዲያመለክት ሳይጠየቅ በሲስተሙ መፈጸም አለበት፤ ቅጹን ለመሙላት ከወረባቦ ወይም ከሐይቅ ደሴ የሚመጣ ሰው ለትራንስፖርት የሚያወጣው ከሚመለስለት ይበልጣል። የቀብድና የገበያ ኪሣራው ግን እንደየሰው ስለሚለያይ በማመልከቻ መታየቱ ግድ ነው። እዚህ ላይ ገደቡን ማወቅ ይገባል፦ የሚያመለክት ሁሉ አይከፈለውም፣ የሚያመለክት ሁሉ ግን በጽሑፍ ምክንያቱን ማግኘት አለበት። ለዚህ የሚመደብ ሰውና በጀት ከሌለ አንቀጹን ከነጭራሹ ያውጡት፤ ያልተፈጸመ የካሳ ተስፋ ሁለተኛ መቋረጥ ነው።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልጨምር። በጽሑፍ መልእክት ሙሉውን ለመላክ አይሞክሩ። የግዕዝ ፊደል ያለበት አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ ሲቀጣጠል ደግሞ በየክፍሉ 67 ይሆናል፤ ከዚያ የረዘመው በአንዳንድ አሮጌ ስልኮች ተቆራርጦና ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ሊደርስ ይችላል። በሁለት ክፍል የሚገባ ይህን ይላኩ፦ «ከቅዳሜ ማታ እስከ ማክሰኞ ረፋድ አገልግሎት ያቋረጥነው እኛ ነን። ይቅርታ። የብድር ቅጣት አይታሰብም። ዝርዝሩ በወኪል ሱቆች ተለጥፏል። የሚስጥር ቁጥር አንጠይቅም።» ሙሉው ጽሑፍ በየቅርንጫፉና በየወኪሉ ሱቅ በትልቁ ታትሞ ይለጠፍ፤ ለባቲና ለአካባቢው በኦሮምኛ፣ ለአፋር ደንበኞቻችሁም በአፋርኛ ይዘጋጅ፤ ትርጉሙን ሲያሠሩም «አቋረጥን» የሚለው ቃል ወደ «ተቋረጠ» እንዳይመለስ ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያንብበው፤ ተርጓሚዎች ለትሕትና ሲሉ አድራጊውን መልሰው ይደብቁታል። ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞች ወኪሉ ጮክ ብሎ ስለሚያነብላቸው ጽሑፉን ከመለጠፍዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት። ትንፋሽ የሚያሳጥርዎት ዓረፍተ ነገር ካለ ወኪሉንም ያሳጥረዋልና ይቁረጡት።

ወኪሎቹ ማስታወቂያው ከመለጠፉ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት አስቀድመው ሊያገኙት፣ ጥያቄ ሲመጣም የሚደውሉበት አንድ ስልክና የሚመልስላቸው አንድ ሰው ሊኖር ይገባል። አለበለዚያ በሰኞው ጥፋት ላይ ሌላ ይደገማል፤ ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ስለ ካሳው ሲጠይቅ ወኪሉ ከደንበኛው እኩል አዲስ ይሆናል።

የሥራ አስኪያጁ ስም ከሥር መኖሩን እንደ ሥርዓት ብቻ አይመልከቱት። «አስተዳደሩ» ተብሎ የተፈረመ ይቅርታ ኮምቦልቻ ላይ አዛውንቱ የጠየቁኝን ጥያቄ እንደገና ሳይመልስ ይቀራል። ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ እያንዳንዱን ሰዓትና ቁጥር ከማስታወሻው ጋር አመሳክሮ ይፈርምበት፣ አመራሩ ካሳውን በቃለ ጉባኤ ይወስን፣ የሕግ ክፍሉ ከላይ ባልኩት ልክ ይመልከተው፣ ማስታወቂያውም ነገ ሳይሆን ዛሬ ይውጣ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጽሑፍ ሥር ስማቸውን ለማኖር ካልፈቀዱ ግን የቀድሞውን አለስልሰው አያውጡት፤ የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ሰዓት፣ የተሰረዘውን ቅጣትና የቅሬታ መቀበያውን ቦታ ብቻ የያዘ ደረቅ መግለጫ አውጥተው «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ለሚፈርም ሰው ያቆዩት።